«ይዘጋጃል» ብዬ የጻፍኩትን ማንም አላዘጋጀውም

ከስብሰባ ለቀሩ ባልደረቦች ማጠቃለያ ኢሜይል መጻፍ እየተማርኩ ነው። የምመራው ቡድን ትንሽ ነው፤ የተቆላ ቡና አሽገን ለሱፐርማርኬቶች እንሸጣለን።

ግንቦት ላይ የላክሁት ኢሜይል ሁለት ገጽ ነበር፤ ስላይድ በስላይድ ተከትዬ የጻፍኩት። መጨረሻው ላይ «የደንበኞች ዝርዝር እስከ 10/9 ይዘጋጃል» ይላል። ግንቦት 10 ደረሰ፣ ዝርዝሩ የለም። ሁሉም ሌላው ሰው ያዘጋጀዋል ብሎ ነበር። አንዷማ 10/9ን በፈረንጅ ቆጥራ ሴፕቴምበር 10 አድርጋዋለች። የቢሮ አማርኛችን «ይዘጋጃል»፣ «ክትትል ይደረጋል» ማለት ይወዳል። ጨዋ ይመስላል፤ ግን ሥራው ባለቤት የለውም።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የስድስት ወሩ ስትራቴጂ በ28 ስላይድ ሲቀርብ ሦስት ሰዎች አልነበሩም። አንዱ ሃዋሳ ፊልድ ላይ፣ አንዱ ፈቃድ ላይ፣ አንዷ ለቅሶ ላይ። በዚህኛው ስላይዶቹን ዘግቼ ጀመርኩ። ሰኞ ሥራቸው ላይ ምን ይቀየራል? ለዚህ መልስ ያላቸው አራት ስላይዶች ብቻ ሆነው ተገኙ። 11 ስላይድ የፈጀው የገበያ ትንተና አንድ ዓረፍተ ነገር ሆነ። የላክሁት ይኸው፤ በስማቸው ፋንታ የሥራ ድርሻቸውን አስገብቻለሁ፦

«ሰላም ለሁላችሁ፣
ከዚህ ወር ጀምሮ 250 ግራሙን እናስቀድማለን። 500 ግራሙ መደርደሪያ ላይ ቆይቶ እየተመለሰብን ነው። አዲስ ከተማ መግባቱን ለታኅሣሥ አስተላልፈናል። ዋጋ ገና አልተወሰነም፤ ለደንበኛ ምንም እንዳትናገሩ።
1. የሃዋሳ ሽያጭ፦ በየሱቁ የቀረውን 500 ግራም ቆጥረህ ሐሙስ ሐምሌ 10 (ጁላይ 17) ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ ላክልኝ።
2. ሒሳብ፦ የሰኔን ተመላሽ በብር አስላና አርብ ሐምሌ 11 (ጁላይ 18) አሳውቀኝ።
3. ግዢ፦ የማሸጊያ ትእዛዙን ወደ 250 ግራም ቀይሪው፤ እስከ ሐምሌ 21 (ጁላይ 28)።»

ለቅሶ ላይ ላለችው መጀመሪያ ደውዬ አጽናናኋት። ቀኗንም ያራዘምኩት ለዚሁ ነው። ለሃዋሳው ሰዓቱን «10:00» ብቻ ብል ኖሮ ስልኩ ላይ የጠዋቱ አራት ሰዓት ይሆንበት ነበር።

የሃዋሳው በሰዓቱ ላከ። «ዋጋ አልተወሰነም» የሚለውም ጠቅሞታል፤ ሁለት ሱቆች ቅናሽ ሲጠይቁት ቃል ሳይገባ መለሳቸው። ግዢም ትእዛዙን ከቀኑ ቀድማ ቀየረች።

የተበላሸው ሁለተኛው ነው። «አሳውቀኝ» ስላልኩት ሒሳብ በቴሌግራም አንድ ድምር ላከልኝ፤ እኔ የፈለግሁት በየሱቁ የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ነበር። ሌላ ሁለት ቀን ፈጀብን። ለቀጣዩ ኢሜይል ከሰው፣ ከግስና ከቀን ቀጥሎ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ፦ እጄ ላይ የሚደርሰው ነገር ምን ዓይነት ፋይል እንደሆነ።