«ተቀነስኩ» ብሎ ለመጻፍ የፈጀብኝ አራት ቀን

ደብዳቤው የደረሰኝ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። የፕሮጀክታችን ገንዘብ ስለተቋረጠ አሥራ አንድ ሠራተኞች ከሁለት ወር ማስጠንቀቂያ በኋላ ይሰናበታሉ ይላል። ስሜ ሰባተኛው ላይ ነበር።

ያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነሥቼ ለወዳጆቼ የሚሆን መልእክት ጻፍኩ። «ወገኖቼ፣ ሥራዬን አጣሁ። የቤት ኪራይ አለብኝ፣ ልጆች አሉኝ። ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ፤ እባካችሁ ለሌሎችም አጋሩልኝ።» አንዱም ቃል ውሸት አልነበረም። ግን አልላክሁትም።

ጠዋት ደግሜ ሳነበው አንድ ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ መልእክት ልኮልኝ ከልቤ አዝኜ «አይዞህ» አልኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእኛ ፎቅ በታች ያለው ቢሮ የሒሳብ ባለሙያ ፈለገ። ጓደኛዬ የሒሳብ ባለሙያ ነው፤ እኔ ግን ማስታወቂያውን አንብቤ አለፍኩ። «ማንኛውም ሥራ» ብሎኝ ስለነበር ሒሳብ የሚለው ቃል እሱን አላስታወሰኝም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ ግሱ ነው። «ተባረርኩ» ካልኩ ሰው ጥፋቴን ይፈልጋል። «ለቀቅኩ» ካልኩ ወድጄ የወጣሁ ይመስላል፣ እውነትም አይደለም። ሕጉ ራሱ የሚጠቀምበት «የሠራተኛ ቅነሳ» የሚል ስም አለ። «ተቀነስኩ» ሲሉት ይከብዳል፣ ነገር ግን የሆነውን በትክክል ይናገራል፤ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም።

ዓርብ ማታ እርሳስና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለስንብት ክፍያ የሚያስቀምጠው ስሌት ግልጽ ነው፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ። ሰባት ዓመት ስለሠራሁ 30 እና ስድስት ጊዜ 10 ተደምሮ 90 ቀን ይሆናል። ስንብቱ በቅነሳ ሲሆን ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። በድምሩ 150 ቀን፣ ማለትም የአምስት ወር ደመወዝ። ከሁለቱ የማስጠንቀቂያ ወራት ጋር ሰባት ወር ያህል ጊዜ አለኝ። የሐሙሱን ሌሊት ጽሑፍ የጻፈው ነገ የሚራብ ሰው ነበር። ይህን ቁጥር ካየሁ በኋላ ግን «እባካችሁ» የሚለው ቃል ከጽሑፉ በራሱ ጊዜ ወጣ።

ቅዳሜ ለእናቴ ነገርኳት፤ ከሰው አፍ እንዳትሰማ። ዝም ብላ ቆየችና «ልጆቹ ያውቃሉ?» አለችኝ። ከዚያ ለሁለት የቀድሞ አለቆቼ ደውዬ ዋቢ እንዲሆኑኝ ጠየቅኩ። ስማቸውን ሳያውቁ ለሌላ መስጠት ነውር ነው፤ ደግሞም ድንገት የተደወለለት ሰው ስለ እኔ የሚለው ይጠፋዋል።

እሑድ ይህን ላክሁ፦

«ሰላም ወዳጆቼ። የምሠራበት ፕሮጀክት ገንዘቡ በመቋረጡ ከአሥር ባልደረቦቼ ጋር በሠራተኛ ቅነሳ እስከ ሰኔ 30 ሥራዬን አጠናቅቃለሁ። ሰባት ዓመት በክትትልና ግምገማ ባለሙያነት ሠርቻለሁ፤ በአርባ ጤና ጣቢያዎች DHIS2 በተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ላይ የገባው ቁጥር ከመዝገቡ ጋር መመሳሰሉን የማጣራው እኔ ነበርኩ። ከሐምሌ ጀምሮ በዚሁ ሙያ አዲስ አበባ፣ አዳማ ወይም ሐዋሳ መሥራት እፈልጋለሁ። በጤና ፕሮጀክቶች የመረጃ ክፍል የሚመራ ሰው የምታውቁ ከሆነ ብታስተዋውቁኝ ደስ ይለኛል፤ ሥራ ባይኖረውም ለአሥራ አምስት ደቂቃ ባነጋግረው ይጠቅመኛል።»

ስለ ኪራዩ አላነሣሁም። መሥሪያ ቤቱን አልወቀስኩም፤ በልቤ ግን ምሬት አለ፣ እሱ የዚህ መልእክት ጉዳይ አይደለም። ብዙ ያሰብኩት የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ነው። ሥራ ስጡኝ ብል በወዳጆቼ መካከል ሥራ መስጠት የሚችል ሁለት ሦስት ሰው ቢኖር ነው። ሰው አስተዋውቁኝ ሲባል ግን ሁሉም የሚችለው ነገር ነው፤ እምቢ ማለትም አያሳፍራቸውም።

እስከ ዛሬ ማክሰኞ ከሠላሳ በላይ «አይዞህ» ደርሶኛል፤ ለእያንዳንዱ መልሻለሁ። አራት ስም መጥቷል። ከአራቱ አንዱን የላከችልኝ ከዩኒቨርሲቲ ወዲህ ያላገኘኋት ልጅ ናት፤ የቅርብ ጓደኞቼ የሚያውቁትን ሰው እኔም አውቀዋለሁና አዲስ ስም ከእሷ መምጣቱ አያስገርምም። ሰውየው ሐሙስ በአራት ሰዓት ሐያት አካባቢ ቡና እንጠጣ ብሎኛል። ጥያቄዎቼን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌአለሁ፤ የመጀመሪያው ስለ ቅጥር አይደለም፣ የእነሱ ጤና ጣቢያዎች ሪፖርት ለምን እንደሚዘገይ ነው።