ለሁለት ዓሣ 41 እጅ

ክፍላችን ሁለት ዓሣ ገቡ። አንዱ ሙሉ ብርቱካናማ፣ ሌላው ጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት። የማስተምራቸው ልጆች 24 ናቸው፣ አምስትና ስድስት ዓመት የሆናቸው። ስም እናውጣላቸው አልኩ። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ መስሎኝ ነበር፣ ሳምንት ፈጀ።

ልጆቹ ካመጧቸው ስሞች አምስቱን በሥዕል አድርጌ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። ሮኬት፣ ነብር፣ ጨረቃ፣ ኮከብ፣ ብልጭልጭ። "አንድ ሰው አንዴ ብቻ እጁን ያወጣል" ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ሮኬት 13፣ ነብር 12፣ ጨረቃ 8፣ ኮከብ 5፣ ብልጭልጭ 3። ሮኬትና ነብር አሸነፉ ተብሎ ጭፈራው ሲደራ ነው ቁጥሮቹን የደመርኳቸው። 41! ሃያ አራት ልጅ 41 እጅ ከየት አመጣ?

ያጭበረበረ የለም። በዚህ ዕድሜ እጅ የሚወጣው ጓደኛ ሲያወጣ ነው። አንዱን ልጅ በዓይኔ አይቼዋለሁ፦ ጨረቃ ስል እጁ ከጉልበቱ ላይ ተነሳ፣ ዞር ብሎ አጠገቡ ያለውን አየ፣ ከዚያ ጆሮውን እንደሚያክ ሆኖ መለሰው። እኔም ንጹሕ አልነበርኩም። ጨረቃን ስለወደድኳት ስሟን ስጠራ ድምፄ ለስለስ ይል ነበር፣ ረዳቴ ናት በኋላ እየሳቀች የነገረችኝ።

ሌላም ነገር ነበር። ሮኬትንም ነብርንም ያመጡት አብረው የሚሯሯጡት የመስኮት ጥግ ልጆች ናቸው። ወደ 13 ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ዓሣ ለየብቻ ድምፅ ባሰጥ እንኳ፣ ሳይሳሳቱ አንዴ አንዴ ብቻ እጃቸውን ቢያወጡ እንኳ፣ 13ቱ መጀመሪያ ሮኬትን ከዚያ ነብርን አሸንፈው ሁለቱንም ዓሣ ይወስዳሉ። የቀሩት 11 ልጆች ሁለቴ ተሸንፈው ቁጭ ማለት ነው።

ስለዚህ "ቆጠራው ተበላሽቷል፣ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ" አልኳቸው። ጩኸቱን ተዉት።

በማግስቱ ሕጉን የነገርኳቸው ማንም ድምፅ ሳይሰጥ በፊት ነው፣ ምክንያቱም ከቆጠራ በኋላ የሚወጣ ሕግ ለተሸናፊው ሁሌም ተንኮል ነው የሚመስለው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቆርኪ። ዓሣው ሁለት ቢሆንም ቆርኪው አንድ ብቻ። ብዙ ቆርኪ ያገኙት ሁለት ስሞች ያሸንፋሉ። እኩል ከመጡ ዕጣ። የትኛው ስም ለየትኛው ዓሣ እንደሚሆንም በዕጣ።

አምስት ክዳናቸው የተበሳ ቆርቆሮዎች ከመደርደሪያው ጀርባ አስቀመጥኩ፣ ማንበብ ለማይችሉት እያንዳንዱ ላይ ሥዕል ለጥፌ። መጀመሪያ በብርጭቆ ልሞክር ነበር፣ ግን ልጅ የሞላ ብርጭቆ ካየ የሞላው ላይ ነው የሚጨምረው። አንድ በአንድ ገቡ። በየአምስት ልጁ የቆርቆሮዎቹን ቦታ አቀያይር ነበር፣ እጅ የሚቀርበው ቆርቆሮ እንዳይጠቀም። "ቲቸር፣ አንቺስ?" አሉኝ። እኔ ቆርኪ የለኝም አልኩ።

ያን ቀን ሁለት ልጆች ቀርተው ነበር። ቆርቆሮዎቹን ሳንከፍት አሽገን አስቀመጥናቸው። ሦስት ቀን! በየጠዋቱ "ዛሬስ መጡ?" የሚል ጥያቄ ነው የሚቀበለኝ፣ ሁለቱ ሲመጡማ እንደ ሙሽራ ነው የታዩት።

ቆጠራው ምንጣፍ ላይ፣ ሁሉም እያየ። አንድ ልጅ ቆርኪ ያወጣል፣ ሌላዋ ሰሌዳ ላይ መስመር ታሰምራለች። ሮኬት 9፣ ጨረቃ 6፣ ነብር 4፣ ኮከብ 3፣ ብልጭልጭ 2። ደመርነው፣ 24። የመስኮት ጥግ ልጆች ቆርኪያቸው ለሮኬትና ለነብር ተከፈለና አንድ ዓሣ ደረሳቸው፣ ሁለተኛው ለሌሎቹ ሆነ። እርግጥ ተማክረው ሰባቱ ለሮኬት ስድስቱ ለነብር ተከፋፍለው ቢሆን ኖሮ ነብር ከጨረቃ ጋር እኩል መጥቶ ዕጣ ውስጥ እንገባ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ግን እንዲህ አያሰላም፣ ገና ነው።

ዕጣው ነጭ ጅራቷን ጨረቃ አደረጋት። እኔ ፊቴን ለመቆጣጠር ጣሪያውን ሳይ ነበር።

ብልጭልጭን ያመጣችው ልጅ አለቀሰች። ሁለት ቆርኪ፣ አንዱ የራሷ። ትንሽ ቆይታ ግን ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ "ሁለተኛው የማነው?" አለች። በምስጢር ስለሆነ እኔም አላውቅም አልኳት። እስከ መውጫ ሰዓት ድረስ የልጆቹን ፊት አንድ በአንድ ስታይ ዋለች።