ቲሸርቱ ላይ የሚጻፈው

ዛሬ ለሴት ልጆች ኮዲንግ የሚያስተምር አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት መሪ ቃሉን ሲመርጥ አብሬ ነበርኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ «ተስፋ ላጡ ልጃገረዶች ተስፋ እንሁን» ይላል። ሁሉም ወደደው። አንዷ ተማሪ ግን «ይሄ ቲሸርታችን ላይ ነው የሚታተመው?» አለች።

«አዎ።»

«ተስፋ ያጣሁት እንግዲህ እኔ ነኛ!»

እውነቷን ነው። በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሥራ ያለው ድርጅቱ ብቻ ነው፤ እሷ እጇን ዘርግታ ተቀባይ ናት። ለጋሹ ኪሱን ይከፍት ይሆናል፣ እሷ ግን ይህን ደረቷ ላይ ለጥፋ አትዞርም።

«ኮድ ሕይወቷን ይቀይራል» የሚለውም አልዳነም። እዚህ ደግሞ ሠሪው ኮዱ ሆኖ አረፈው። «ሴቶችም ይችላሉ»ን ያቺ «ም» ጉድ አደረገቻት፤ አይችሉም ያለው ማነው?

የተረፈው «ቀጣዩን አፕ እሷ ትጽፈዋለች» ነው። ተስፋ የሚል ቃል የለውም፤ ነገን ግን ይዟል፣ ሠሪዋም እሷው ናት። ልጅቷ አሁንም አልተዋጠላትም። «የምለብሰው እኔ አይደለሁ? ‹እኔ እጽፈዋለሁ› ይበል።»

ገንዘብ አሰባሳቢው ሳቀ፤ ለለጋሾች በሚላከው ደብዳቤ ላይ ከሆነ፣ በሥራ አስኪያጁ ፊርማ ሥር አፑን የሚጽፉት እሳቸው ሊመስሉ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «እሷ ትጽፈዋለች»፣ ቲሸርቱ ላይ «እኔ እጽፈዋለሁ» እንዲሆን ተስማሙ።