ክሊራንሴን ያስቆመችው መጽሐፍ

በ2016 ዓ.ም. ጅማ ውስጥ ከሚገኝ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም በአካውንቲንግ ተመረቅሁ። ጋዋን ለብሼ፣ ከቤተሰቤ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥቼ ወደ ቤት ስመለስ ግን እጄ ላይ አንድም ወረቀት አልነበረም። ጊዜያዊ ዲግሪዬን የተቀበልሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። የዘገየሁበት ምክንያት በእኔው እጅ ስለነበረ፣ ዘንድሮ የሚመረቁ ልጆች እንዳይደገምባቸው እጽፋለሁ።

ግንቦት ላይ ተመራቂዎች ቅጽ እንዲሞሉና ስማቸውን እንዲያረጋግጡ የሚል ማስታወቂያ ሬጅስትራር በር ላይ ተለጠፈ። የተሰጠው ጊዜ አንድ ሳምንት ነበር። እኔ የሄድሁት በመጨረሻው ቀን ነው። ቅጹ ላይ የአባቴ ስም መሐመድ በእንግሊዝኛ መሃሉ ላይ በአንድ «ኤም» ተጽፎ አገኘሁት፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ላይ ግን በሁለት ነው። ለማስተካከል የአሥረኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃዎቼን ዋናቸውን ከቅጂ ጋር ማቅረብ ነበረብኝ፤ እነሱ ደግሞ አጋሮ ቤታችን ነበሩ። ወንድሜ በዚያው ቀን በሚኒባስ ይዞልኝ ባይመጣ ኖሮ ዲግሪዬ በተሳሳተው ስም ይታተም ነበር። ከታተመ በኋላ ማሳረም ደግሞ አዲስ ማመልከቻና አዲስ ወረፋ ነው።

የመውጫ ፈተናውን አልፌ ነበር። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ግዴታ ሆኗል፤ ማለፊያው ከመቶ ሃምሳ ነው። ካለፍሁ በኋላ የቀረኝ ዕዳ እንደሌለብኝ በየክፍሉ የሚፈረምልኝ ክሊራንስ ብቻ ስለመሰለኝ በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ብዬ ቅጹን ይዤ ወጣሁ።

ትምህርት ክፍሌ ወዲያው ፈረመ። የስፖርት ክፍሉም እንዲሁ፤ ምንም ተውሼ አላውቅም። ማደሪያ ስደርስ ፕሮክተሩ የዓመቱን መጀመሪያ የርክክብ ቅጽ አወጡና ክፍላችንን ከእሱ ጋር አመሳከሩ። አንድ ወንበር እግሩ ተሰብሯል። «ጋሼ፣ ስንረከበውም የተሰበረ ነበር» አልኋቸው። «ልክ ነህ ልጄ፤ ይኸው ተጽፏል» አሉና ፈረሙልኝ። መስከረም ላይ አንድ የክፍል ጓደኛችን ስብራቱ እንዲመዘገብ ባያደርግ ኖሮ ዋጋውን ስድስታችንም እንካፈል ነበር።

ያቆመኝ ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ሠራተኛዋ ቁጥሬን ኮምፒውተሩ ላይ ስታስገባ አንድ የወጪ ሂሳብ መጽሐፍ በስሜ ወጥቶ አልተመለሰም አለችኝ። ሦስተኛ ዓመት ላይ ጓደኛዬ በእኔ መታወቂያ የተዋሰው ነው። ስደውልለት እሱም ለሌላ ሰው ሰጥቶት ነበር። ምርጫው ሁለት ነበር፤ ያንኑ መጽሐፍ ገዝቶ መተካት ወይም ዋጋውን መክፈል። እዚያው ጅማ መርካቶ ያሉትን መጻሕፍት ሻጮች ዞሬ ጠየቅሁ፤ የለም። ስለዚህ ልከፍል ወሰንሁ።

ክፍያው ራሱ ቀላል ነው፤ አድካሚው መንገዱ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ዋጋውን ገምቶ ደብዳቤ ይጽፋል። በደብዳቤው ተቋሙ ባንክ ሂሳብ ውስጥ ገንዘቡን ታስገባለህ። የባንኩን ወረቀት ወደ ፋይናንስ ወስደህ በሕጋዊ ደረሰኝ ታስቀይረዋለህ። ደረሰኙን ይዘህ ቤተ መጻሕፍት ስትመለስ ነው ስምህ ከባለዕዳዎች መዝገብ የሚሰረዘው። ገማቹ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ስለነበር ስድስት ቀን ጠበቅሁ። በዚያ መሃል ሬጅስትራሩ ፊርማ የጎደለው ቅጽ እንደማይቀበል ነገረኝ፤ እኔም ሄጄ ተመለስሁ። የሐምሌ ዝናብ ቅጼን እንዳያርሰው በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ ነበር የምዞረው። ወረቀቱ ከጠፋ ሁሉም ፊርማ እንደገና ነው።

ከእኔ ጋር ወረፋ የያዘች ልጅ ክሊራንሷን ከእኔ ቀድማ ብትጨርስም የእሷ ወረቀት ከእኔም ዘገየ። የአንድ ኮርስ ውጤቷን መምህሩ አላስገባም ነበር። ውጤት የጎደለው ተማሪ ሴኔቱ የሚያጸድቀው የተመራቂዎች ዝርዝር ውስጥ ስሙ አይገባም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል፤ የውጤት ዝርዝርህን ከፍተህ ከትምህርት ክፍሉ የኮርሶች ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ነው። ባዶ የሆነ ወይም «ያልተሟላ» የሚል ምልክት ያለበት ኮርስ ካለ፣ መምህሩ ለእረፍት ከመሄዱ በፊት ማግኘት ያስፈልጋል።

ዛሬ የምሠራበትን ቦታ ያገኘሁት በጊዜያዊው ዲግሪ ነው። ዋናው ዲግሪ የወጪ መጋራት ዕዳዬን እስክጨርስ ተቋሙ ዘንድ ይቆያል፤ ለምግብ፣ ለመኝታና ለትምህርት ድርሻዬ በየዓመቱ የፈረምሁት ውል ነው። አሠሪዬ በየወሩ ከደመወዜ እየቆረጠ ያስገባልኛል፤ እኔም የእያንዳንዱን ወር ማስረጃ ቅጂ በአንድ ማህደር ውስጥ አስቀምጣለሁ። የውሎቼ ቅጂዎችም እዚያው ናቸው። ክሊራንሱን ስጨርስ ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ጊዜያዊ ዲግሪዬን ሰጥተውኝ፣ መጀመሪያ ያየሁት የአባቴን ስም ነው፤ ሁለቱም «ኤም» ነበሩ።