የቦረቦሩ ሁለት ፎቶዎች

በደቡብ ወሎ በተፋሰስ ልማት ላይ እሠራለሁ። 2015 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ከአንድ ወረዳ ሪፖርት ደረሰኝ። ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተለጥፈውበታል። በአንዱ የተራቆተ ተራራና ከሥሩ ቦረቦር ይታያል። በሌላው ያው ተራራ ለምልሟል። ከሥር ደግሞ «ቦታው ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ከተደረገ በስምንት ወር ውስጥ አገግሟል» ይላል።

ስምንት ወር አልዋጥልኝ አለ። ሪፖርቱን ለጻፈው የወረዳው ባለሙያ ደወልኩ።

«ቀኑ እኮ ፎቶው ላይ ተጽፏል፣ እህቴ» አለኝ።

እውነቱን ነው። በአሮጌው ፎቶ ጥግ ላይ 18/05/2014 የሚል ብርቱካናማ ቁጥር አለ። እሱ ጥር 18 ቀን 2014 ብሎ አንብቦታል። ካሜራ ግን የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። እንደዚያ ከሆነ ፎቶው የተነሣው ግንቦት 10 ቀን 2006 ነው። ስምንት ወር የተባለው ስምንት ዓመት አለፈው ማለት ነው። የካሜራው ሰዓት ራሱ ተዛብቶ ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ትተን ቦታውን እንጠይቅ ብለን ወጣን።

መጀመሪያ ፎቶ አንሺው የቆመበትን ነጥብ መፈለግ ነበረብን። በአሮጌው ፎቶ ከቅርብ አንድ ትልቅ ቋጥኝ አለ፤ ከሩቅ ደግሞ በተራራው ጫፍ ላይ ስንጥቅ። ስንጥቁ ልክ ከቋጥኙ ቀኝ ጠርዝ በላይ ነው። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ስትሄዱ ቋጥኙ ከተራራው አንጻር ወደ ግራ ይሸሻል። ወደ ፊት ስትጠጉ ደግሞ ቋጥኙ ቶሎ ይገዝፋል፣ ተራራው ግን ያን ያህል አይለወጥም። ሁለቱ እስኪገጥሙ ወዲያና ወዲህ ማለት ነው። ዙም እዚህ ላይ አይረዳም። ዙም ምስሉን ያጠበዋል እንጂ ምን ከምን ፊት እንደሚውል አይለውጥም፤ ያንን የሚወስነው የቆማችሁበት ቦታ ብቻ ነው። የወረዳው አዲሱ ፎቶ የተነሣው ከእውነተኛው ነጥብ ወደ ታች ወረድ ብሎ ስለነበር ቦረቦሩ ከሣር ጀርባ ተደብቋል። የዳነ የመሰለውም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ጥላ። ይህን በጣም እወደዋለሁ። በእኛ አካባቢ በግንቦት አጋማሽ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሰሜን በኩል ናት፤ ጥላ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። በጥር ግን ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሆን ጥላው ወደ ሰሜን ይዞራል። ነጥቡ ላይ ቆመን የስልኩን ኮምፓስ ስናይ፣ በአሮጌው ፎቶ ላይ የቋጥኙ ጥላ የተኛው ወደ ምዕራብና ትንሽ ወደ ደቡብ ነው። ጠዋት ነበር፤ ጥር ግን ሊሆን አይችልም።

ዓመቱን የነገሩን አንድ አዛውንት ናቸው። ፎቶውን ተቀብለው ራቅ አድርገው አዩና ጣታቸውን አንድ ግራር ላይ አሳረፉ።

«ይቺን ዛፍ እኔ ነኝ የቆረጥኳት፣ ልጄ። ልጄን የዳርኩ ጊዜ ነው፣ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት።»

ጉቶው አሁንም አለ። ፎቶው ከ2009 በፊት የተነሣ ነው ማለት ነው።

የወረዳው አዲሱ ፎቶ የመስከረም ነበር፤ የመስከረም ፎቶ ደግሞ ከግንቦት ፎቶ ጋር አይወዳደርም። መስከረም ላይ የተራቆተ ገደልም ሣር ይለብሳል። በዚያው በ2015 ግንቦት፣ በጠዋት ተመልሰን ከዚያው ነጥብ አነሣን። በዘርፉ ይህ የታወቀ አሠራር ነው። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምት የተነሡ ፎቶዎች አሉ። ተመራማሪዎች ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ በትግራይ በኩል ያሉትን ቦታዎች ፈልገው ደግመው አንሥተዋቸዋል። በብዙዎቹ ላይ ዛፉ ከያኔው በዝቶ ነው የተገኘው። አገሩ ድሮ ደን ነበር ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የእኛስ? አረንጓዴው ምንጣፍ የለም። በተከለለው ተዳፋት ላይ ግን ድሮ ባዶ በነበረበት ቁጥቋጦና ወጣት ወይራ ተበትኗል፤ ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው። ከታች ጥቅጥቅ ብሎ የሚታየው የአርሶ አደሮች ባሕር ዛፍ ነው፤ ከክለላው ጋር አይቆጠርም። በቦረቦሩ ውስጥ የተሠሩት የድንጋይ ክትሮች በደለል ሞልተው ወለሉ ከፍ ብሏል። የቦረቦሩ አናት ግን በ2006 ከቋጥኙ በታች ነበር፤ አሁን ቋጥኙን አልፎ ወደ ማሳው ወጥቷል። በሜትር ስንለካው 11 ሜትር ሆነ።

ባለሙያው ሪፖርቱን ራሱ እንደገና ጻፈው። የሁለቱን ፎቶዎች ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀመጠ። ነጥቡን በጂፒኤስ መዘገበ። «አገግሟል» የሚለውን አወጣና በተዳፋቱ ላይ የታየውንና በቦረቦሩ አናት ላይ የታየውን ለየብቻ ጻፈ። ለውጡ በክለላው የመጣ ይሁን በዝናቡ፣ ሁለት ፎቶ ብቻውን እንደማይናገርም አከለበት። ወረዳው ለቀጣዩ ዓመት የያዘውን የክትር ድንጋይ ከታችኛው ወለል አንሥቶ ከማሳው በላይ ውኃ መቀልበሻ ቦይና የአናት ክትር እንዲሠራበት ወሰነ።