የልጄ ብጉንጅ በሙቅ ጨርቅ እንዴት ዳነ?

ከቆዳ ሥር የሚወጣ፣ የቀላና ሲነኩት የሚያም እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ብጉንጅ ነው። ነርስ በመሆኔ ብዙ ብጉንጅ አይቻለሁ፤ ነገር ግን ጤና ጣቢያ የሚመጣው ሰው አንድ ቀን ታይቶ ይሄዳል። አንድ ብጉንጅ ከመነሻው እስኪደርቅ ድረስ በየዕለቱ የተከታተልኩት በጉርምስና ዕድሜ ላይ ባለው ልጄ ጭን ላይ ሲወጣ ነው።

ልጄ እግር ኳስ ይጫወታል። እብጠቱ የወጣው ቁምጣው ጭኑን በሚፈትግበት፣ ላብ በሚቋጥርበት ቦታ ላይ ነበር። መጀመሪያ ሳየው የሽምብራ ፍሬ የሚያህል፣ ጠንካራና ዙሪያው የቀላ ነገር ነው። ጣቴን ሳስጠጋ ይሞቃል። ማታ ማታ እየጠዘጠዘ እንቅልፍ ይነሳው ነበር።

ብጉንጅ ነው ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ብጉንጅ የሚጀምረው በፀጉር ሥር ነው፤ ስለዚህ የሚወጣው ፀጉር በሚያበቅል ቆዳ ላይ ሲሆን ጭን፣ መቀመጫ፣ ብብት፣ የአንገት ጀርባና ፊት ዋና ዋናዎቹ ቦታዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ሲሆን፣ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ቆዳና አፍንጫ ላይ ምንም ሳያደርግ ይኖራል። ፍትጊያ ወይም ምላጭ ቆዳውን ሲጭረው ግን በፀጉሩ ሥር ይገባል። ሰውነት ነጭ የደም ሕዋሶችን ልኮ ይከበዋል፤ ሕመሙም ሙቀቱም መቅላቱም የሚመጡት ከዚህ ነው። የሞቱት ሕዋሶችና ባክቴሪያዎች ተጠራቅመው መግል ይሆናሉ፤ ሰውነትም በዙሪያው ግድግዳ ይሠራል።

ሌላ ነገር እንዳይሆንም አይቼዋለሁ። ብሽሽት ላይ የሚወጣ ንፍፊት ከሥር ጠለቅ ብሎ ይዳሰሳል፤ በላዩ ያለው ቆዳ ብዙ ጊዜ አይቀላም፤ እግር ላይ ቁስል መኖሩንም መፈለግ ያስፈልጋል። ለወራት የቆየ፣ ሕመም የሌለውና በጣት ሲገፉት ከቆዳ ሥር የሚንሸራተት እብጠት ብጉንጅ አይደለም። መሐል የሌለው፣ ጠፍጣፋ ሆኖ በፍጥነት የሚሰፋ መቅላት ደግሞ ራሱ የቆዳው ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በሙቅ ጨርቅ ሊታለፍ አይገባም። የልጄ ግን መሐል ነበረው፤ እያደገ የሄደውም በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው።

አማቴ ያን ሰሞን እኛ ዘንድ ነበሩ። «በመርፌ ወጋ አድርጊውና ይገላገል እንጂ፤ ልጁ እኮ አልተኛም» አሉኝ። «እማማ፣ ገና ጠንካራ ነው፤ መግሉ አልተሰበሰበም። አሁን ብንወጋው ወደ ውስጥ ይሰራጭበታል» አልኳቸው። ባለቤቴ በበኩሉ ከባለፈው ሕመሙ የተረፈውን አሞክሳሲሊን ይዞ መጣ። እሱንም አልተቀበልኩትም። ይህ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አሞክሳሲሊንን የሚሰብር ነገር ያመነጫል፤ ከዚያም በላይ፣ ግድግዳ በተሠራለት መግል ውስጥ መድኃኒት በደንብ አይደርስም። የተቋጠረ መግል የሚድነው ሲወጣ ነው።

የሠራሁት ሥራ ቀላል ነው፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ከአሮጌ ነጠላ ላይ የእጅ መዳፍ ስፋት ያላቸው ቁራጮች ቀደድኩና በሳሙና አጥቤ፣ ቀቅዬ በፀሐይ አደረቅኋቸው። ነጠላ የመረጥኩት ጥጥ ስለሆነና ውሃ ስለሚይዝ ነው። የፈላ ውሃ በፔርሙዝ አስቀምጬ፣ በንጹሕ ሳህን ከቀዝቃዛ ጋር እየቀላቀልኩ አለዝበው ነበር። ልኩን የማውቀው በእጄ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ነው፤ ደስ የሚል ሙቀት ከሆነ ይበቃል፣ የሚያቃጥል ከሆነ ቆዳ ይልጣል። በተለይ ሕፃናትና የስኳር ሕመም ኖሮባቸው እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች መቃጠሉን ላያውቁት ስለሚችሉ፣ ውሃውን ሌላ ሰው ሊለካላቸው ይገባል።

እጄን በሳሙና ታጥቤ ጨርቁን እነክራለሁ፣ እጨምቃለሁ፣ ሳልጫን እብጠቱ ላይ አሳርፈዋለሁ። ጨርቅ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ በየሁለትና ሦስት ደቂቃው እንደገና መንከር ያስፈልጋል። ሰዎች «ሞክሬው አልረዳኝም» ሲሉኝ፣ ብዙ ጊዜ አንዴ አስቀምጠውት ቀዝቅዞ እስኪደርቅ የተዉት ሆኖ ነው የማገኘው። በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ አደረግንለት፤ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት፣ ሲመለስ፣ ከእራት በኋላና ሊተኛ ሲል።

ሙቀቱ ባክቴሪያውን አይገድልም። የሚያደርገው የደም ሥሮችን ማስፋት ነው፤ ብዙ ደም ሲደርስ ነጭ የደም ሕዋሶችም አብረው ይደርሳሉ። ቆዳውን ያለሰልሳል፣ ውጥረቱን ይቀንሳል፣ መግሉም ወደ ላይ እንዲሰበሰብ ያግዛል። ገና ሲጀምር የተያዘ ትንሽ ብጉንጅ አንዳንድ ጊዜ ሳይፈርጥ ጭራሽ ይጠፋል። የልጄ ግን መግል መቋጠር ጀምሮ ነበርና ከጥቂት ቀናት በኋላ መሐሉ ለሰለሰ፣ ቢጫ ነጥብም ብቅ አለ። በዚህ ጊዜ ሁሉም ሰው እጁ ይበላዋል። ልጄም «እማዬ፣ አሁንማ ትንሽ ብቻ ልጫነው» አለኝ። አልፈቀድኩም፤ መጭመቅ ግድግዳውን ከውስጥ በኩል ሊሰብረውና መግሉን ወደ ጥልቁ ሊገፋው ይችላል። በማግሥቱ ማታ ጨርቁ እንደተደረገበት ራሱ ፈረጠ፤ ሕመሙም ወዲያው ቀለለለት።

ብጉንጁ ከፈረጠም በኋላ ሥራው አላለቀም። የወጣውን በንጹሕ ጎዝ ጠረግሁ፣ በሳሙናና በውሃ አጠብኩት፣ በደረቅ ጎዝ ሸፈንኩት። የቀረው መግል እንዲወርድ ሙቅ ጨርቁን ለጥቂት ተጨማሪ ቀናት ቀጠልን። ጎዙ በረጠበ ቁጥር ይቀየራል፤ የተነሳውም በፌስታል ታስሮ ይጣላል። መግሉ ባክቴሪያ የሞላበት ስለሆነ ፎጣው፣ አንሶላውና ቁምጣው ከሌላው ልብስ ተለይተው በሙቅ ውሃ ታጠቡ። እስኪደርቅ ድረስ ፎጣ ከታናሽ እህቱ ጋር አልተጋራም፤ ወደ ኳስ ሜዳም አልተመለሰም።

በአእምሮዬ ይዤ የነበረው ወሰን ግን ነበር። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ቢመጣ፣ መቅላቱ ቢሰፋ ወይም እንደ መስመር ወደ ላይ ቢዘረጋ፣ ብዙ አፍ ያለው ትልቅ እብጠት ቢሆን፣ ወይም በሳምንት ውስጥ ምንም ለውጥ ባይኖረው በዚያው ቀን ሐኪም ጋ እወስደው ነበር። ሐኪሙ ቆዳውን አደንዝዞ በንጹሕ ምላጭ ይከፍተዋል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ተስማሚ ፀረ ተዋሲያን ያዝዛል። ለጨቅላ ሕፃን፣ ለስኳር ታማሚና የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው ግን ቀድሞ ሐኪም ማየት ይሻላል። አፍንጫ አካባቢና የላይኛው ከንፈር ላይ የወጣውንም ቤት ውስጥ በፍጹም አትነካኩት፤ የዚያ አካባቢ ደም መላሽ ሥሮች በራስ ቅል ውስጥ ካሉት ጋር ይገናኛሉ።

ብጉንጁ አንዴ ድኖ በዚያው ቢቀር ጥሩ ነው። እየተመላለሰ የሚወጣበት ሰው ግን፣ በተለይ ውሃ ጥምና ቶሎ ቶሎ መሽናት ካለበት፣ የደም ስኳሩን እንዲለካ እመክራለሁ፤ ስኳራቸው ከፍ ማለቱን መጀመሪያ ያወቁት በተደጋጋሚ ብጉንጅ ምክንያት የሆነ ሰዎችን በሥራዬ አይቻለሁ።