የዋስትና ፊርማዬ 76 ሺህ ብር ያስከፈለኝ በሁለት ቃላት ነው

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ከጓደኛዬ ጋር ጎረቤት ሆንን። ዕቁቡ ሲደርሰው አሮጌ ባጃጅ ሊገዛ አሰበ፤ የጎደለውን 180 ሺህ ብር ከአንድ አበዳሪ ተቋም ሊበደር ነበር። ተቋሙ የደመወዝ ዋስ ጠየቀው። እኔ ቃሊቲ ፋብሪካ ውስጥ በወር 21 ሺህ ብር እየተከፈለኝ እሠራለሁ። «አንተ ብትፈርምልኝ በሁለት ዓመት እጨርሳለሁ» አለኝ። እንዴት እምቢ ይባላል?

መሥሪያ ቤቴ ደመወዜን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ይዤ ሄድኩና ፈረምኩ። ከፊርማው በላይ «በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። አይቼዋለሁ፣ ግን የጽሑፍ ማሳመሪያ መሰለኝ።

ወርሃዊ ክፍያው ወለዱን ጨምሮ 9,200 ብር ነው። ጓደኛዬ ዘጠኝ ወር ሳያዛንፍ ከፈለ። አሥረኛው ወር ላይ ባጃጁ ተገለበጠ። እሱ ተርፎ እጁ ተሰበረ። ሦስት ወር ሳይከፈል ሲያልፍ ደብዳቤ የደረሰው ለእኔና ለመሥሪያ ቤቴ ነው። ዋናው፣ ወለዱና ቅጣቱ ተደምሮ 129 ሺህ ብር ሆኗል።

ተናድጄ ሄድኩ። «ባጃጁ ቆሟል፣ መጀመሪያ እሱን ሽጡ፤ ለእኔ ከዚያ በኋላ ነው» አልኳቸው። የብድር ኦፊሰሩ ረጋ ብሎ ውሉን ገለጠና «እርስዎ እኮ የፈረሙት በአንድነትና በነጠላ ነው» አለኝ። ከዚያ ወጥቼ ጠበቃ ስጠይቅ ነገሩ ገባኝ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለት ዓይነት ዋስ አለ። ተራ ዋስ ሲከሰስ «አስቀድማችሁ የተበዳሪውን ንብረት ፈልጉ» ማለት ይችላል፤ ይህን ግን ገና በመጀመሪያው ላይ ካላነሳው አይጠቅመውም። ከተበዳሪው ጋር በአንድነት የፈረመ ሰው ይህ መከላከያ የለውም። አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ እሱ መምጣት ይችላል። ደመወዝተኛ ደግሞ ለመያዝ ቀላል ነው። ባጃጅ ይደበቃል፣ ደመወዝ ግን በየወሩ አንድ ቦታ ላይ ይገኛል።

ዋስትና የሚጸናው የኃላፊነቱ ከፍተኛ መጠን ውሉ ላይ ከተጻፈ ብቻ መሆኑንም ጠበቃው ነገረኝ። ደስ ብሎኝ ውሉን አገላበጥኩ። መጠኑ ተጽፏል። ማምለጫ የለም።

ከደመወዜ ሊቆረጥ ሆነ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ ከደመወዝ የሚቆረጠው ድምር ከሲሶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የእኔ 7 ሺህ ብር ነው። «129 ለ7 ሲካፈል አሥራ ስምንት ወር ተኩል» ብዬ ቆጠርኩ። ተሳስቻለሁ። ቀሪው ዕዳ ላይ ወለዱ አይቆምም። ከመጀመሪያው 7 ሺህ ውስጥ 2,200 ያህሉን ወለድ ይበላዋል፣ ዕዳው የሚቀንሰው 4,800 ብቻ ነው። በዚያ አካሄድ ሃያ ሁለት ወር ያልፋል።

ያዳነኝ ወለዱ ሲቆጥር ዝም ብዬ መቀመጤን መተዌ ነው። መቁረጡ ከመጀመሩ በፊት ለጓደኛዬ «ዕዳህን ልከፍልልህ ነው» የሚል ወረቀት በፊርማ ሰጠሁት። ይህን ማድረግ ያለበት ማንም ዋስ ነው፤ ካልነገርከው እሱም በዚያ በኩል ከፍሎ ሊገኝ ይችላል፣ ያን ጊዜ ከማን ትጠይቃለህ? ቀጥሎ ሁለት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ይዤ ቤቱ ሄድኩ። እናቱ ቡና አፈሉ፤ ማንም አልጮኸም። የተሰበረውን ባጃጅ በ60 ሺህ ብር ሊሸጥ ተስማማ። ብሩ በእጄም በእጁም ሳያልፍ ገዢው አበዳሪው ሒሳብ ውስጥ አስገባ። ዕዳው ወደ 69 ሺህ ወረደ፣ ከደመወዜ የሚቆረጠውም በአሥራ አንድ ወር አለቀ። በድምሩ 76 ሺህ ብር ገደማ ከፈልኩ።

አበዳሪው በተበዳሪው ላይ የነበረውን መብት ከፍሎ የጨረሰ ዋስ ይወርሳል፤ ስለዚህ ዕዳ ከፍዬ ገንዘቡን ከጓደኛዬ ልጠይቅ እችላለሁ። ይህ ግን ያለ ማስረጃ ባዶ ወሬ ነው። የየወሩን የደመወዝ ወረቀት አስቀመጥኩ፣ ከአበዳሪው «ዕዳው በዋሱ ተከፍሎ አልቋል» የሚል ደብዳቤ አወጣሁ። ደብዳቤውን ለማግኘት ሦስት ቀን ተመላለስኩ፣ ግን አላፈርኩበትም። ከጓደኛዬ ጋርም በሁለት ምስክር ፊት የዕዳ መተማመኛ ጻፍን። በየወሩ 2,500 ብር በቴሌብር ይልክልኛል፤ እስካሁን አራቱ ገብተዋል።

ባለፈው ሳምንት የሥራ ባልደረባዬ ዋስ ሁንልኝ አለኝ። ውሉን አስቀድመህ አምጣልኝ አልኩት። ቤት ወስጄ አነበብኩ፣ እነዚያ ሁለት ቃላት ሰባተኛው መስመር ላይ አሉ። ይሰረዙ ብዬ ስጠይቅ አበዳሪው እምቢ አለ፤ እኔም አልፈረምኩም። ባልደረባዬ አሁን ሰላምታ ቀዝቀዝ አድርጎ ነው የሚሰጠኝ።